ኮምፒውተሩ የቱ ጋ ነው የቆመው? ከፓወር በተን እስከ ፓስዎርድ

«ኮምፒውተሬ አልከፈት አለኝ» ብሎ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሲከፈት ምን ድረስ ይሄዳል?» ብዙ ሰው ይገረማል። አልከፈት ካለ አልከፈት አለ ነው፣ ምን ድረስ የሚባል ነገር አለው እንዴ? አለው። ኮምፒውተር በአንዴ አይከፈትም። ሥራው እንደ ዱላ ቅብብል ነው፤ አንዱ ሮጦ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ዱላው የቱ ጋ እንደወደቀ ካወቅን የምንነካው ቦታ በጣም ይጠባል። ካላወቅን ግን ሰው ሁሉ ወደሚያውቃት አንድ መድኃኒት እንሮጣለን፤ ፎርማት።

ከፋሲካ በኋላ የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት የሆኑ እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል አሉኝ። ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም ነው የሚሉት። የደንበኛ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።» ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ገጽ አለ፤ ከታች `INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE` ይላል። ወደዚህ ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው።

የምናወራው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ስለተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ነው። ዴስክቶፑን ይዤ እሄዳለሁ፤ ላፕቶፕ የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ስልካችሁን ስክሪኑ ላይ አነጣጥራችሁ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ኮምፒውተሩን ክፈቱት። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጽሑፍ በዓይን አይያዝም። ቪዲዮውን ቆም እያደረጋችሁ ስታዩት ግን ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

አንደኛው ቅብብል፦ ኤሌክትሪኩ

የፓወር በተኑ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ይመስለናል። አይደለም። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የምትሆን ትንሽ ኃይል ለማዘርቦርዱ እየሰጠ ነው። በተኑን ስትጫኑ ማዘርቦርዱን «ቀስቅሰው» ማለታችሁ ነው። ማዘርቦርዱ በአረንጓዴዋ ሽቦ በኩል ፓወር ሰፕላዩን ያዘዋል፤ እሱም 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቱን ይለቃል። ኃይሉ ሲረጋ በሌላ ሽቦ «ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ» የሚል ምልክት ይልካል። የፓወር ሰፕላይ ስታንዳርዱ እንደሚለው ይህ ምልክት እስኪመጣ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ፕሮሰሰሩ ታስሮ ይጠብቃል።

ፋን ካልዞረ፣ አንድም መብራት ካልበራ ነገሩ እዚህ ነው። ዊንዶውስን አትጠርጥሩ፤ እሱ ገና አልተወለደም። ሶኬቱን በሌላ ነገር ሞክሩት፤ ዲቫይደሩን ዝለሉና ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያም ተዘግታ ሊሆን ይችላል። ይህን ስታነቡ ከሳቃችሁ፣ እኔ በዚህች ማብሪያ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ ኮምፒውተር ፈትቼ አውቃለሁ።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጡት፤ ከዚያ በተኑን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። የቀረው ኃይል ይፈስሳል። መልሳችሁ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ሞክሩ። ሞቷል የተባለ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ሲነሳ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዴስክቶፕ ላይ አንዳንዴ የተበላሸው ራሱ በተኑ ነው። ይህን ለመለየት ገመዱን ነቅላችሁ ክፈቱትና ከፊት በተን የመጣችውን ባለሁለት እግር ሽቦ ከማዘርቦርዱ ላይ አውጡ። በእሷ ቦታ የሪሴት በተኑን ሽቦ አስገቡ። ሪሴቱን ስትጫኑ ከተነሳ በሽተኛው በተኑ ነው።

ፋኑ ዞር ብሎ ወዲያው የሚቆም፣ እንደገና የሚሞክር፣ እንደገና የሚቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን እየተከላከለ ነው። ወይ እሱ ደክሟል፤ ወይ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ዩኤስቢውን፣ ዲስኩን፣ የግራፊክስ ካርዱን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሞክሩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይይዛሉ፤ ይመታል።

ሁለተኛው ቅብብል፦ ማዘርቦርዱ ራሱን ሲፈትሽ

አሁን ፕሮሰሰሩ ተፈቷል፤ ግን ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ ካለች ትንሽ ቺፕ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በድሮ አጠራር ባዮስ፣ በአሁኑ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሰው አሁንም ባዮስ ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያ እላለሁ።

ባዮሱ መጀመሪያ ራሙን ፈልጎ ያስተካክላል። ቀጥሎ ግራፊክሱን ይፈልጋል። እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ነገር ይገልጣል። ራሙ ላይ ችግር ካለ ባዮሱ ገና ስክሪን የለውም። «ራም አላገኘሁም» ብሎ ሊጽፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። መናገሪያ የቀረው በጩኸት ወይም በትንንሽ መብራቶች ነው። አዳዲስ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚሉ አራት መብራቶች አሏቸው። በየተራ በርተው ይጠፋሉ፤ ሳትጠፋ የቀረችው ወንጀለኛውን ትጠቁማለች። ጩኸቱ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስንቴ እንደጮኸ ቁጠሩና የማዘርቦርዱን ማኑዋል እዩ።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ኮምፒውተሩ አልተነሳም፤ ወይ ተነስቷል ግን አይታይም። እነዚህን ለመለየት አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ኪቦርዱ ላይ `Caps Lock` ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ ጥፍት ካለች ውስጥ ያለው ሰው ነቅቷል፤ ችግሩ ማሳያው ላይ ነው። ያኔ የሞኒተሩን ገመድ እዩ። የግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ገመዱ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት የለበትም። ላፕቶፕ ከሆነ ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እዩት።

መብራቷ ካልተንቀሳቀሰች መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ራሙ ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ ራሞቹን አውጡ። ወርቃማውን ጠርዝ በደረቅ ንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሹት፤ ፍርፋሪውን በደንብ አራግፉ። አንዱን ብቻ መልሱና ገመዱን ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ሌላውን። አራት ማስገቢያ ካለ አንድ ነጠላ ራም የሚገባው ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሁለተኛው ላይ ነው። ቀጭ እስኪል ግፉት። አዲስ ዲዲአር5 ራም ያለው ኮምፒውተር ግን መጀመሪያ ሲከፈት ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየተለማመደ ነው። ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አታጥፉት።

የአምራቹ ሎጎ ከመጣ ትልቁ ወንዝ ተሻገረ። አሁን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱና ወዲያው `F2` ወይም `Del` ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በአንዳንዱ `F10` ወይም `Esc` ነው። የባዮስ ገጽ ከተከፈተ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ ቢያንስ ለመነሳት በቂ ናቸው ማለት ነው። በዚህ መመሪያ አንድ ፈተና ብቻ አስታውሱ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ኮምፒውተሩን ለሁለት ይከፍልላችኋል፤ ከዚህ በላይ ያለው ጣጣ ሃርድዌር ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ዲስክ ወይም ዊንዶውስ።

ሦስተኛው ቅብብል፦ ዊንዶውስ የት አለ?

ባዮሱ ዊንዶውስን አያውቀውም። የሚያውቀው በራሱ ማስታወሻ የያዘውን የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ `Windows Boot Manager` የሚል ስም አለ፤ እሱም ዲስኩ ላይ ወዳለች ትንሽ የተደበቀች ክፍል ይመራዋል። ይህች ክፍል ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ናት፣ ፎርማቷ `FAT32` ነው። ውስጧ `bootmgfw.efi` የሚባል ፋይል አለ። ባዮሱ ያንን ያስነሳል፤ እሱ ደግሞ `BCD` ከሚባል መዝገብ «ዊንዶውስ የተጫነው እዚህ ነው» የሚለውን አንብቦ ይቀጥላል።

እዚህ ሲቆም ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ታያላችሁ፤ `No bootable device` ወይም `Operating System not found`። መጀመሪያ ፍላሽ ተሰክቶ ከቀረ ንቀሉት። ካልሆነ ባዮስ ግቡና የዲስኩ ስም ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ስሙ ከሌለ ዊንዶውስን መልሶ መጫን ትርጉም የለውም፤ የሚጫንበት የለማ። ገመዱን ወይም ኤስኤስዲውን አውጥታችሁ መልሱ፤ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት።

ስሙ ካለ ግን ዲስኩ አለ፤ የጠፋው መንገዱ ነው። `Windows Boot Manager` ከዝርዝሩ አናት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። አናት ላይ ሆኖም ሰማያዊ ገጽ ላይ `0xc000000f` የሚል ቁጥር ከመጣ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ነው የተበላሸው። ይህ ያለ ፎርማት ይስተካከላል። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክታችሁ ከእሱ አስነሱ፤ የመጀመሪያው ገጽ ሲመጣ `Shift+F10` ተጫኑ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል።

```
diskpart
list volume
select volume 3
assign letter=S
exit
bcdboot C:\Windows /s S: /f UEFI
```

እዚህ 3 ያልኩት ምሳሌ ነው። እናንተ የምትመርጡት `list volume` ካሳያችሁ ውስጥ `FAT32` የሆነችውንና 100 ሜጋባይት አካባቢ ያለችውን ነው፤ የሰካችሁት ፍላሽም `FAT32` ሊሆን ስለሚችል መጠኑን እዩ። `C:` ያልኩትም በዚህ መስኮት ውስጥ ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ `dir C:\Windows` ብላችሁ መኖሩን አረጋግጡ። `diskpart` ውስጥ ሳላችሁ ከተጻፈው ውጭ ምንም አትሞክሩ። `clean` የምትል አንዲት ቃል አለች፤ ዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ ሳትል ታጠፋለች።

አራተኛው ቅብብል፦ የሚሽከረከሩት ነጥቦች

ከሎጎው ሥር ትንንሽ ነጥቦች መዞር ከጀመሩ ዱላው ዊንዶውስ እጅ ገብቷል። ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። `winload.efi` የተባለ ፋይል የዊንዶውስን ልብ፣ `ntoskrnl.exe`ን፣ ዲስኩንና ሌላውን ዕቃ ከሚያናግሩ ጥቂት አስፈላጊ ድራይቨሮች ጋር ወደ ራም ያመጣል። እስከዚህ ድረስ ዲስኩ የሚነበበው በባዮሱ እርዳታ ነው። ከዚያ ባዮሱ እጁን ያነሳል። ዊንዶውስ ከዚህ በኋላ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር ማንበብ አለበት።

`INACCESSIBLE_BOOT_DEVICE` የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ትርጉሙ «ስጀምር የነበርኩበትን ዲስክ አሁን ላገኘው አልቻልኩም» ነው። አስተውሉ፤ ይህን ጽሑፍ ራሱን ለማሳየት የበቃው ከዚያው ዲስክ ላይ ብዙ ፋይል አንብቦ ነው። ዲስኩ ጨርሶ ሞቶ ቢሆን ከሦስተኛው ቅብብል አያልፍም ነበር። የታመመ ሊሆን ይችላል፤ ሙት ግን አይደለም።

ሌላ ዓይነት ሰማያዊ ገጽ ከሆነ፣ ወይም ነጥቦቹ ማለቂያ ከሌላቸው፣ ዊንዶውስ በጥቂት አስፈላጊ ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት ሴፍ ሞድ ይለይላችኋል። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሳት ካቃተው ራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል። ካልከፈተ ነጥቦቹ ሲመጡ በተኑን ተጭናችሁ አጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ማሻሻያ እየጫነ መሆኑን ከጻፈ ግን አትንኩት፣ ይጨርስ። ገጹ ሲመጣ በ`Troubleshoot`፣ `Advanced options`፣ `Startup Settings` ሂዱና `Restart` ብላችሁ 4 ቁጥርን ተጫኑ። በሴፍ ሞድ ከተነሳ ዊንዶውስ ራሱ ደህና ነው፤ የሚያሰናክለው በቅርቡ የገባ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ነው። እሱን አውጡ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ዊንዶውስ `Shut down` ሲባል ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቶሎ ለመነሳት ብሎ ልቡን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። `Restart` ግን እውነተኛ ዳግም መነሳት ነው። ስለዚህ ሪስታርት ሲደረግ የሚነሳ፣ ጠዋት ሲከፈት ግን የሚቆም ኮምፒውተር ካጋጠማችሁ ይህን ጠርጥሩ። ማታ `Command Prompt` ከፍታችሁ በዚህ ትእዛዝ ዝጉትና ጠዋት እዩት።

```
shutdown /s /t 0
```

አምስተኛው ቅብብል፦ የፓስዎርዱ ገጽ

ይህ አጭር ነው። ዊንዶውስ አገልግሎቶቹን ያስነሳል፤ መጨረሻ ላይ `LogonUI.exe` ፓስዎርድ የምትጽፉበትን ገጽ ያመጣል። ነጥቦቹ ጠፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ የማውስ ቀስት ብቻ ከቀረ አብዛኛው ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። `Win+Ctrl+Shift+B` ተጫኑ፤ ግራፊክሱን እንደገና ያስነሳል። ካልሆነ ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ድራይቨሩን አውጡት። ፓስዎርድ ከገባ በኋላ የሚመጣ ችግር የተጠቃሚው አካውንት ወይም አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ጉዳይ ነው፤ ቅብብሉ እዚህ አልቋል።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ፋኑ ዞረ፤ አንደኛው አለፈ። ሎጎ መጣ፤ ሁለተኛው አለፈ። ነጥቦቹ ሁለት ሦስቴ ዞሩ፤ ሦስተኛውም አለፈ። ከዚያ ሰማያዊው ገጽ። «እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩስ የሞተ አይመስለኝም» አልኳቸው። «እንዴት አወቅህ? ገና አልፈታኸውም» አሉ።

`F2` ተጭኜ ባዮስ ገባሁ። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ቀኑ ነበር፤ ዓመታት ወደኋላ ሄዷል። ይህ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚናገረው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን፣ በብዙ ማዘርቦርዶች ደግሞ የባዮሱን ምርጫዎች የምትጠብቀው እሷ ናት። ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ያቺ መጀመሪያ ያልናት 5 ቮልት ትደግፈዋለች፤ ባትሪዋ ብትሞትም ማንም አያውቅም። እትዬ ለፋሲካ ሲዘጉ ዲቫይደሩን አጥፍተው ነው የሄዱት። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ተመልሷል።

የዲስኩ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ። ወረድ ስል ማዘርቦርዱ ዲስኩን የሚያናግርበት መንገድ የሚመረጥበት `SATA Operation` የሚል ቦታ ላይ፣ በርካታ ዲስኮችን ለማጣመር የሚውለው `RAID On` ተመርጧል። ባለ አንድ ዲስክ ኮምፒውተር ነው፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በተለመደው መንገድ፣ በ`AHCI`፣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ምርጫው ከተለወጠ ዊንዶውስ የያዘው ድራይቨር ዲስኩን አያገኘውም፤ ባዮሱ ግን በሁለቱም ያነብበዋል። ለዚህ ነው ሦስተኛው አልፎ አራተኛው ላይ የወደቀው። ጥፋቱ የተፈጠረው ባዮስ ውስጥ ነው፤ የታየው ግን ሁለት እርምጃ ዘግይቶ።

የነበረውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና `AHCI` ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ነጥቦቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ የፓስዎርዱ ገጽ መጣ። እናንተም ይህን ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ በርካታ ዲስኮችን በሬድ አጣምሮ የሚሠራ ከሆነ አትንኩት። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለው ደግሞ ባዮስ ሲነካ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉን ሳትይዙ አትጀምሩ።

ለማረጋገጥ ዘጋሁት፣ ነቀልኩት፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ሰካሁት። ቀኑ ተመልሶ ጠፋ፣ ሰማያዊው ገጽም መጣ። ባትሪዋን አውጥቼ በመልቲሜትር ስለካት 1.9 ቮልት አነበበች። አዲስ አስገባሁ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ `AHCI` መረጥኩ፣ እንደገና ነቅዬ ሰካሁ። አሁን ያዘ።

እትዬ የወጣችውን ባትሪ በሁለት ጣታቸው አገላብጠው አዩዋት። «ይቺ ናት ሦስት ቀን ሥራ ያስፈታችኝ?» አሉ።